ለሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ግብረ መልስ በኢሜይል እንዴት ይጻፋል? በአንድ የሒሳብ ሪፖርት ምሳሌ የቀረበ ማብራሪያ

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የአስመጪነት ድርጅት ውስጥ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊው በሥሩ ለምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ የሚከተለውን ኢሜይል ጻፈ፤ ለሥራ አስኪያጁና ለሰው ሀብት ክፍሉም በግልባጭ አሳወቀ እንበል።

«ርዕስ፦ አስቸኳይ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሥራሽ ላይ ከፍተኛ ቸልተኝነት እየተስተዋለ ይገኛል። ጎበዝና ታታሪ ሠራተኛ መሆንሽን ብናውቅም፣ ሪፖርትሽ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ስህተትም አያጣውም። አንድ ቼክ እንኳን በትክክል መመዝገብ አለመቻልሽ እጅግ አሳዝኖናል። ይህንን ደጋግሜ ነግሬሽ ነበር እኮ። ወደፊት ኃላፊነት የሚሰማሽ ሠራተኛ ሆነሽ እንድትገኚ እናሳስባለን።»

ምሳሌው ለማብራሪያ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ በቢሮ ሥራ ያለፈ ሰው አጻጻፉን ወዲያው የሚያውቀው ይመስለኛል። ኃላፊው የጻፈው ከክፋት ተነሥቶ አይደለም፤ እውነተኛ ቅሬታ አለው፤ ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ሆኖም ባለሙያዋ ኢሜይሉን አንብባ ስትጨርስ የምታውቀው አለቃዋ መቆጣቱን ብቻ ነው። የትኛው ወር ሪፖርት በስንት ቀን እንደዘገየ፣ የትኛው ቼክ በምን ዓይነት እንደተሳሳተ፣ ስህተቱ በማን ላይ ምን እንዳደረሰ፣ ከነገ ጀምሮ ምን ብትሠራ ጉዳዩ እንደሚስተካከል በኢሜይሉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሥራውን ከማሻሻል ይልቅ ሊያበላሸው እንደሚችል በጥናት የታየ ነው። አቭራሃም ክሉገር እና አንጀሎ ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀደም ሲል ስለ ግብረ መልስ የተካሄዱ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን አንድ ላይ መረመሩ። በአማካይ ግብረ መልስ የሥራ አፈጻጸምን እንደሚያሻሽል ቢያገኙም፣ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በሚበልጡት ውጤቶች ግን ግብረ መልሱ አፈጻጸሙን ዝቅ አድርጎት ነበር። ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው፦ ግብረ መልሱ የሰውየውን ሐሳብ ወደ ሥራው ሲመራ ሥራው የመሻሻል ዕድሉ ይጨምራል፤ ወደ ራሱ ማንነትና ክብር ሲመልሰው ግን ኃይሉ ራሱን በመከላከል ላይ ይጠፋል። «ቸልተኛ ነሽ» የተባለችው ባለሙያ የባንኩን ሒሳብ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር የምታመሳክርበትን የማስታረቂያ ሰነድ ከፍታ አትመለከትም፤ ቸልተኛ አለመሆኗን የሚያሳዩ ያለፉ ሥራዎቿን በሐሳቧ ትሰበስባለች፤ ግልባጩ የደረሳቸው ሰዎች ምን ይሉ ይሆን ብላም ትጨነቃለች።

በመሆኑም ጥሩ የግብረ መልስ ኢሜይል የሚጀምረው ከቃላት ምርጫ በፊት ነው። ኃላፊው ለመጻፍ ከመቀመጡ በፊት ሰነዶቹን አውጥቶ ማየት አለበት። በምሳሌያችን ቢያያቸው የሚያገኘው የሚከተለውን ነው። የወር መዝጊያ ሪፖርት የሚቀርበው በተከታዩ ወር እስከ 10ኛው ቀን ነው። የጥር ወር ሪፖርት በየካቲት 10፣ ማለትም በቀኑ ደርሷል። የየካቲቱ መጋቢት 14 ቀን፣ የመጋቢቱ ደግሞ ሚያዝያ 17 ቀን ደርሷል። ስለዚህ «ሁልጊዜ ይዘገያል» የሚለው አባባል እውነት አይደለም፤ እውነቱ ሁለት ተከታታይ ሪፖርቶች፣ አንዱ በ4 ሌላው በ7 ቀን መዘግየታቸው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ባለሙያዋ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል በጥር ሪፖርት ብቻ ልታፈርሰው ትችላለች። አንዱ ቃል ከፈረሰ ደግሞ የተቀረው ኢሜይል፣ እውነት የሆነውም ጭምር፣ አብሮ ተአማኒነቱን ያጣል።

ስህተቱም ሲታይ የተወሰነና የሚጨበጥ ነው። በመጋቢት ወር የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ላይ፣ ወጥተው ለባንክ ገና ያልቀረቡ ቼኮች ዝርዝር ውስጥ አንድ የ93,000 ብር ቼክ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ያልቀረቡ ቼኮች ከባንኩ ቀሪ ሒሳብ ላይ ስለሚቀነሱ፣ የተስተካከለው ቀሪ ሒሳብ ከመዝገቡ በ93,000 ብር አንሶ ታየ፤ ባለሙያዋም ልዩነቱን «በመጣራት ላይ» በሚል መስመር አስፍራ ሪፖርቱን ላከችው። ሥራ አስኪያጁ ያንን ያነሰ ቁጥር አይተው ለአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ሊከፈል የነበረውን ክፍያ ለ4 ቀናት አቆዩት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቼኩን ሁለት ጊዜ መጻፍ ማንም ሊሠራው የሚችል የእጅ ስህተት ነው። ከዚያ የሚከብደው፣ ምክንያቱ ያልታወቀን ልዩነት ለማንም ሳይናገሩ በአንድ መስመር አስፍሮ ማሳለፉ ነው፤ ማስታረቂያ የሚሠራው እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማግኘት ነውና። ኃላፊው ሰነዱን ሳያይ በጻፈው ኢሜይል የተቆጣው በትንሹ ጥፋት ላይ ሲሆን፣ ሊታረም የሚገባውን ዋናውን አሠራር ጨርሶ አላነሳውም።

ሰነዶቹ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ያሳያሉ። ከመጋቢት መጀመሪያ ጀምሮ የአዳማ ቅርንጫፍ ሒሳብ በባለሙያዋ ላይ ተጨምሯል፤ የማስረከቢያ ቀኑ ግን እንደነበረ ቀርቷል። እንዲሁም በጥር ወር የክፍያ ሰነዶችን ከነደጋፊ ማስረጃዎቻቸው በተራ ቁጥር ያደራጀችው እርሷ ናት፤ በመጋቢት ወር የውጭ ኦዲተሮች ሲመጡ የጠየቋቸው ሰነዶች በዚያው ዕለት ሊቀርቡላቸው የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሚዛናዊነት እንምጣ፤ ብዙ ጊዜ በስህተት የምንረዳው ይህንን ነው። ሚዛናዊ መሆን ግማሹን ምስጋና ግማሹን ወቀሳ ማድረግ አይደለም፤ ወቀሳውን በሁለት ምስጋናዎች መካከል መሸጎጥም አይደለም። ሚዛናዊ ኢሜይል ማለት አንባቢዋ የሥራዋን እውነተኛ መጠን የምታይበት ነው፦ የቱ እንደተበላሸ፣ ምን ያህል እንደተበላሸ፣ የቱ በደንብ እንደተሠራ፣ ከእርሷ ቁጥጥር ውጭ የሆነውም የቱ እንደሆነ። በመጀመሪያው ኢሜይል ውስጥ ያለውን ምስጋና እንመልከት፦ «ጎበዝና ታታሪ ሠራተኛ መሆንሽን ብናውቅም»። ምስጋናው የገባው «ብናውቅም» በሚል ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ፍርድ የሚሰጠው በመጨረሻው ግሥ ስለሆነ፣ አንባቢዋ ምስጋናውን የምትሰማው ለወቀሳው እንደ መንደርደሪያ ብቻ ነው። ምስጋና ማስረጃ ካለው የራሱ አንቀጽ ይገባዋል፤ ምን እንደተሠራና ምን እንዳስገኘ ሊነገርበት ይገባል። ማስረጃ ያለው ምስጋና ከሌለ ደግሞ ፈጥሮ መጻፍ አይገባም፤ ለማለስለሻ የተጻፈ ምስጋና ወዲያው ይታወቃልና፣ ሌላ ጊዜ በእውነት የሚሰጠውንም ምስጋና ዋጋ ያሳጣዋል።

ማዋረድን በተመለከተ የምንጠነቀቅባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ስድብ አይደሉም። በእኔ እምነት ትልቁ ግልባጭ ነው። በቢሮአችን ልማድ ግልባጭ የሚደረገው ለማሳወቅ ነው ቢባልም፣ ለወቀሳ ደብዳቤ ሲደረግ ወቀሳውን በሰው ፊት የተነገረ ያደርገዋል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተለመደው የግምገማ መድረክ በባልደረቦቹ ፊት የተነቀፈ ሰው፣ ወይም ሌላው ሲነቀፍ ተቀምጦ ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። የአፈጻጸም ግብረ መልስ በመጀመሪያ የሚደርሰው ለባለቤቱ ብቻ ሊሆን ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ቼኩ ማወቅ ካለባቸው፣ ስህተቱ መታረሙን ብቻ የሚገልጽ የተለየ አጭር መልእክት ይበቃቸዋል።

ሁለተኛው የአነጋገር ለውጥ ነው። በየቀኑ «አንቺ» እየተባባሉ የሚሠሩ ሰዎች በኢሜይል ድንገት «እርስዎ» ከተባባሉ፣ ወይም «እኔ» ይል የነበረው አለቃ «እናሳስባለን»፣ «አሳዝኖናል» ማለት ከጀመረ፣ አንባቢዋ ከጀርባው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እንደቆመባት ይሰማታል። «እየተስተዋለ ይገኛል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ያስተዋለው ማን እንደሆነ ስለማይናገር፣ ማን ማን ስለ እርሷ ሲነጋገር እንደነበር እንድትገምት ያስገድዳታል። ያየው ኃላፊው ከሆነ «አይቻለሁ» ብሎ ይጻፍ። በሌላ በኩል ወጣት አለቃ በዕድሜ ለሚበልጡት ባልደረባ ሲጽፍ በቃል «እርስዎ» የሚላቸው ከሆነ በጽሑፍም አክብሮቱን መጠበቅ አለበት። ደንቡ አንድ ነው፤ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት አጠራር በኢሜይሉ ውስጥም ሳይለወጥ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «አንድ ቼክ እንኳን» ሲባል «እንኳን» ሥራውን ቀላል፣ ሠራተኛዋን ደግሞ ከቀላል ሥራ በታች ያደርጋል። «ነግሬሽ ነበር እኮ» የሚለው ደግሞ በአፍ ሲነገር በፈገግታ ሊለዝብ ይችላል፤ በጽሑፍ ግን ፈገግታው አይደርስም። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢሜይል የጻፉ ሰዎች ቁም ነገራቸውና ሽሙጣቸው 78 በመቶ ያህሉን ጊዜ በትክክል እንደሚለይላቸው ገምተው ነበር፤ አንባቢዎቹ ግን በትክክል የለዩት 56 በመቶ ያህሉን ጊዜ ብቻ ነው። ይህም በዘፈቀደ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ጸሐፊው የገዛ ድምፁን በውስጡ እየሰማ ስለሚጽፍ፣ ያ ድምፅ በጽሑፉ ላይ እንደሌለ ይዘነጋል።

ረቂቁን ለመፈተሽ የሚያገለግል ቀላል ዘዴ አለ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ግሥ ማንበብና፣ ስለ ሰውየዋ ፍርድ ሰጥቶ በ«ነሽ» ወይም በ«አይደለሽም» የሚዘጋውን ሁሉ ምልክት ማድረግ ነው። ቀጥሎም በእያንዳንዱ ምልክት ቦታ ላይ ባለሙያዋ ምን እንዳደረገች ወይም እንዳላደረገች፣ በሰነድ ሊታይ በሚችል መልኩ መጻፍ ነው። በሰነድ ሊታይ የሚችል ነገር ካልተገኘ፣ ዓረፍተ ነገሩ የጸሐፊው ስሜት ብቻ ነውና ይውጣ።

እነዚህን ሁሉ ይዘን ኢሜይሉን እንደገና ብንጽፈው የሚከተለውን ይመስላል። ኃላፊው በመጀመሪያ ባለሙያዋን ለብቻዋ አግኝቶ በቃል አነጋግሯታል ብለን እንነሣለን።

«ርዕስ፦ የመጋቢት ወር የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ እና የሪፖርት ማስረከቢያ ቀን

ሰላም፣ እንደምን አደርሽ? ትናንት በተነጋገርነው መሠረት ስለ የካቲትና ስለ መጋቢት ወር ሪፖርቶች ያነሣናቸውን ጉዳዮች ለሁለታችንም እንዲያመች በጽሑፍ አስቀምጬአቸዋለሁ። ኢሜይሉ የተላከው ለአንቺ ብቻ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም አይደለም።

የጥር ወር ሪፖርት በቀኑ ደርሶኛል። የየካቲቱ መጋቢት 14፣ የመጋቢቱ ደግሞ ሚያዝያ 17 ቀን ደረሰኝ፤ ሁለቱም ከ10ኛው ቀን አልፈዋል። በመጋቢቱ ማስታረቂያ ላይ የ93,000 ብሩ ቼክ ለባንክ ያልቀረቡ ቼኮች ዝርዝር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ የመጣውም ልዩነት «በመጣራት ላይ» ተብሎ ሪፖርቱ ተልኳል። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ቀሪ ሒሳብ ላይ ተመሥርተው የትራንስፖርት ድርጅቱን ክፍያ ለ4 ቀናት አቆይተውታል፤ ገንዘቡ ግን ነበረን። ከቼኩ መደገም ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ልዩነቱ ሳይነገረኝ መላኩ ነው።

ከመጋቢት መጀመሪያ ጀምሮ የአዳማ ቅርንጫፍ ሒሳብ እንደተጨመረብሽ አውቃለሁ። ሥራው ሲጨመር የማስረከቢያ ቀኑን እንደገና አላየነውም ነበር፤ ስለዚህ መዘግየቱ ከዚህ የመጣ መሆኑን ከአንቺ መስማት እፈልጋለሁ።

በጥር ወር የክፍያ ሰነዶችን በተራ ቁጥር ማደራጀትሽ ኦዲተሮቹ የጠየቁንን በዚያው ዕለት እንድናቀርብ አስችሎናል። የአዳማንም ሰነዶች በዚሁ መንገድ ብታደራጂያቸው ደስ ይለኛል።

የሚያዝያ ሪፖርት እስከ ግንቦት 10 እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ። እስከ ግንቦት 8 ድረስ ምክንያቱ ያልታወቀ ልዩነት ካለ፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን ንገሪኝና አብረን እንፈልገዋለን። የአዳማ የባንክ መግለጫ በጊዜ እየደረሰሽ ነው? ከጻፍኩት ውስጥ በትክክል ያልተገለጸ ነገር ካለም እስከ ሐሙስ ድረስ ንገሪኝ።»

ይህ ኢሜይል ከመጀመሪያው የለዘበ አይደለም። በአንድ በኩል ከመጀመሪያው የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ባለሙያዋ ልትክደው የማትችለውን ነገር ይዟልና። የሚያሳስበው ጉዳይም የቱ እንደሆነ ለይቶ ነግሯታል። ስለ አዳማ የተጻፈው አንቀጽ መዘግየቱን ይቅር ለማለት የገባ አይደለም፤ ምክንያቱ የሥራ ጫና ከሆነ መፍትሔው የተለየ፣ ጫና ካልሆነ ደግሞ የተለየ ስለሚሆን ነው። በመጨረሻ ያሉትም ጥያቄዎች እውነተኛ መልስ የሚፈልጉ ናቸው። «እንዲህ ማድረግ ተገቢ ነው ብለሽ ታምኛለሽ?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ግን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ጥያቄ መስሎ የመጣ ወቀሳ ነው።

«የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይደለም» የሚለው ሐረግ ለምን አስፈለገ የሚል ሊኖር ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የራሱ ሕጋዊ ክብደት አለው። ለምሳሌ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ወደ ሥራ አርፍዶ ከመጣ፣ አሠሪው የሥራ ውሉን ሊያቋርጥ የሚችልበት ሁኔታ በአዋጁ ተደንግጓል። ሠራተኞች ይህንን ስለሚያውቁ ከአለቃ የሚመጣን ማንኛውንም የጽሑፍ ወቀሳ የስንብት መጀመሪያ አድርገው ሊያነቡት ይችላሉ። ግብረ መልስና ማስጠንቀቂያ በአንድ ኢሜይል ውስጥ ከተቀላቀሉ ሁለቱም ዓላማቸውን ይስታሉ፤ ሠራተኛዋ ስለ ሥራዋ በግልጽ መናገር ትፈራለች፤ ማስጠንቀቂያውም በድርጅቱ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት የተሰጠ መሆኑ ሊያከራክር ይችላል። ጉዳዩ በእውነት የዲሲፕሊን ጉዳይ ከሆነ በሥርዓቱ በሰው ሀብት ክፍል በኩል በደብዳቤ ይሂድ፤ ካልሆነም አለመሆኑ ይጻፍ። በኋላ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ያሰበ ኃላፊ ግን ይህንን ሐረግ መጠቀም የለበትም፤ እውነት መሆን አለበትና።

የመላኪያው ሰዓትም ይታሰብበት። ዓርብ ማታ ወይም በፋሲካ ዋዜማ የተላከ ኢሜይል በስልክ ላይ ይነበባል፤ አንባቢዋም ሰነዱን ከፍታ ማየትም ሆነ ኃላፊውን መጠየቅ በማትችልበት ጊዜ ጭንቀቱን ይዛ ትሰነብታለች። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ኃላፊው ቢሮ በሚገኝበት ሰዓት ቢላክ በዚያው ቀን መነጋገር ይቻላል። ርዕሱ «አስቸኳይ» ከሚል ይልቅ ጉዳዩን በስሙ መጥራቱም እንዲሁ ጥቅም አለው፤ ኢሜይሉ ገና ሳይከፈት በስልኩ ማሳያ ላይ የሚታየው ርዕሱና የመጀመሪያዋ መስመር ናቸውና።

ባለሙያዋ በምላሿ ብትከራከር፣ ለምሳሌ የአዳማ የባንክ መግለጫ እስከ ወሩ 12ኛ ቀን ድረስ እንደማይደርሳት ብትገልጽ፣ ኃላፊው የሐሳብ ልውውጡን በኢሜይል እያስረዘመ ከመቀጠል ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛዋ ቢሄድ ይሻላል። መግለጫው ሳይደርስ ሪፖርቱ በ10ኛው ቀን ሊዘጋ ስለማይችል፣ ወይ ከባንኩ ጋር ተነጋግሮ ቀድሞ እንዲመጣ ማድረግ፣ ወይ የአዳማን ክፍል ለይቶ በ15ኛው ቀን መቀበል አለበት። የተስማሙበትንም በሁለት መስመር ጽፎ በዚያው ኢሜይል ሥር ይልክላታል። ግንቦት 10 ሪፖርቱ በትክክል ሲደርስ ደግሞ በዚያው ቀን «ሪፖርቱ ደርሶኛል፤ ማስታረቂያው ያለ ልዩነት ተዘግቷል» ብሎ ይጻፍላት።